የእኔ ያልነበረ መርዶ

ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ 2፡40፣ ቢሮ

«የነገርኩዎት እንዲሰሙኝ ነበር እንጂ ለዕድር ዳኛ እንዲያደርሱልኝ አልነበረም። እናቴ ከትናንት ንጋት ጀምሮ የት ተቀበረ እያለች ትጠይቀኛለች። ያንን መልስ እስካገኝ ነበር ዝም ያልኩት። አልጠየቁኝም። ከእንግዲህ ወደ ቤታችን አይምጡ። ብርቱካን።»

ቃል በቃል ይኸው። አንድም ፊደል አልጨመርኩም፣ አላጎደልኩም። ከተማሪ ደብተር የተቀደደ ገጽ ነው። ጥበቃው ሰጠኝ። «አንዲት መምህርት ሰጥታኝ ሳትቀመጥ ሄደች» አለ።

ደብተር፣ አንተ ፍረድ። ሰው ሞቶ እናት አታውቅም። ይህን እያወቅኩ አፌን ዘግቼ ልቀመጥ? ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የዕድር አባል ነኝ። ያደረግኩት አገር የሚያደርገውን ነው። ለዚህ ነው እንደ ሌባ ከደጃፍ የምባረረው?

ደግሞ «እርስዎ» ብላለች። ባለፈው ሳምንት አንተ በይኝ ብዬ ለምኜ እሺ ብላኝ ነበር።

ጥራቱን እንድመረምር ከዳንሻ በር የመጣ የሰሊጥ ናሙና ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ሁለት ጊዜ ነፋሁት፤ ሁለት የተለያየ ውጤት። እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም።


ጥቅምት 15፣ ምሳ ሰዓት

የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍ። ኋላ ሰው ቢጠይቀኝ መልስ እንዲኖረኝ።

ብርቱካን የሳይንስ መምህርት ናት፣ አርባ ሁለት ዓመቷ፣ እዚሁ ገንዳ ውሃ። ከሦስት ሳምንት በፊት ለተማሪዎቿ የምታሳየው የሰሊጥ ዝርያ ለመጠየቅ ቢሮዬ መጣች። አምስት ዓይነት በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት፤ ስማቸውን በየወረቀቱ ጻፍኩ። ነጩን ከሌላው ለመለየት በጥርሷ ሰበረችው። ሳቅሁ። ከባለቤቴ ከአልማዝ ጋር ከተለያየን ዘጠኝ ዓመት፣ በቢሮ ውስጥ መሳቄን አላስታውስም።

ሁለተኛ ጊዜ ሻይ ጠጣን። ሦስተኛው ጥቅምት 9፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኒም ዛፍ ሥር ካለችው ሻይ ቤት። ሙቀቱ አይጣል። የያዘችውን ብርጭቆ ሳትጠጣ አስቀመጠችና ነገረችኝ። ታናሽ ወንድሟ አስማረ፣ ሰሊጥ ሊያጭድ ቋራ ወርዶ፣ ገለጉ ማዶ ባለ እርሻ ካምፕ ታሞ ሞቷል። ወሬውን ያመጣላት ከሌላ ካምፕ የነበረ የጉልበት ሠራተኛ ነው፤ የአስማረን ጋቢ በፌስታል አንጠልጥሎ። እናታቸው አብራት ትኖራለች፤ አልሰማችም። ጋቢውን ትምህርት ቤት፣ የካርታ ሣጥን ውስጥ ደብቃዋለች። «ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ» አለች።

እኔ ምን አልኩ? እውነቱን እጽፋለሁ።

ትኩሳቱ ስንት ቀን ቆየ አልኳት። ሆዱ አብጦ ነበር ወይ አልኩ። ሦስት ሳምንት እያተኮሰው ከስቷል፣ ግራ ጎኑ አብጧል ብላ የሰማችውን ነገረችኝ። እንግዲያው ካላዛር ነው አልኳት። የአሸዋ ዝንብ የምታመጣው ነው፣ ዋልካው በተሰነጠቀበትና ግራር ሥር በሚያድሩበት ይይዛቸዋል፣ መርፌ አለው፣ በጊዜ ሆስፒታል ከደረሰ ይድናል አልኩ። ያልኩት ሁሉ ትክክል ነው።

ከዚያ ስለ አባቴ ሞት ነገርኳት። ብቻዋን እንዳልሆነች እንድታውቅ ብዬ። ረዘም አለብኝ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ እናትሽ ማወቅ አለባት አልኩ። «ገና ነው» አለች። እናት ናት፣ መብቷ ነው አልኩ። «ገና ነው አልኩህ እኮ» አለችና ቦርሳዋን አነሳች።

በማግስቱ ለጋሽ ቢተው ነገርኩ። የዕድራችን ዳኛ ናቸው። እሷም እናቷም የዚሁ ዕድር አባል ናቸው። በ13 ንጋት ላይ ስድስት ሽማግሌ ሆነው ሄዱና አረዷቸው።

ይኸው ነው። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?


ጥቅምት 16፣ ከቀኑ 9፡00

በለቅሶ ቤቱ በኩል አለፍኩ። አልገባሁም። ድንኳኑ ሊነሳ ነው፤ አግዳሚዎቹን ጋሪ ላይ እየጫኑ ነበር። ጋሽ ቢተው አይተው ጠሩኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ።

«የወንድ ሥራ ሠርተሃል። መርዶ እንደ ታለበ ወተት ነው፤ ካደረ ይጎመዝዛል።»

ልጅቷ ምን አለች አልኳቸው። ብዙም አላለች፣ አሉ። በሩን ከፍታ ስድስታችንንም አየችና ማነው የነገራችሁ አለች። አቶ ደምሴ ናቸው፣ ለእናንተ አስበው ነው አልናት። አሮጊቷ ግን አላለቀሱም፣ አሉ። ያስገረማቸው እሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመው ሳሉ አሮጊቷ የት ቀበራችሁት ብለው ጠየቁ። ማንም አያውቅም። እርስ በርስ ተያዩ። በቤተ ክርስቲያን ነው? ቄስ ፈትቶታል? ወይስ እርሻው ዳር ነው?

«የሚሰጥ መልስ ያጣሁበት መርዶ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ ጋሽ ቢተው፤ ጋሪውን ተከትለው ሄዱ።

ከሰው ምስጋና ተቀብዬ እንዲህ የቀፈፈኝ ቀን የለም።


ጥቅምት 17፣ ቢሮ

መልስ አርቅቄላታለሁ። ሁለት ገጽ፣ በተራ ቁጥር። 1ኛ፦ ምሥጢር ጠብቅ አላልሽኝም። 2ኛ፦ ዕድሩ የእናንተም ነው። 3ኛ፦ ከእኔ ባይሰሙ ከገበያ መስማታቸው አይቀርም ነበር። እስከ 7ኛ ይሄዳል።

እትዬ ዘነቡ መጥታ በትከሻዬ አሻግራ አነበበችው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ጡረታ ልትወጣ ዓመት ቀርቷታል፤ ማንንም አትፈራም።

«ይች ሴት የሰሊጥ ናሙና መሰለችህ እንዴ? ባዕድ ነገር በመቶ ስንት?»

ተቆጣሁ። ነገሩን አታውቂም አልኳት። ንገረኝ አለች። ይህንኑ የጻፍኩልህን ነገርኳት፤ አንድም ሳልደብቅ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«ገና ነው ስትልህ፣ ለምን ገና ሆነ ብለህ ጠይቀሃታል?»

አልጠየቅኩም።

«ስለ ዝንቡ ጠየቅህ። ስለ ሆዱ ጠየቅህ። ስሙን ከመስማት በቀር ስለ ልጁ ምን ታውቃለህ?»

ምንም። ቁመቱን እንኳ አላውቅም።

«በጊዜ ከደረሰ ይድናል አልካት። እንግዲህ ሳታደርሺው ቀረሽ ማለትህ ነው። እሷ እንደዚያ ነው የሰማችው። እኔም ብሆን።»

እንደዚያ ማለቴ አይደለም አልኩ። ማለትህን አላልኩም፣ መስማቷን ነው ያልኩ፣ አለችና መዝገቧን ታቅፋ ወጣች። ከበር ተመልሳ፣ «የአባትህንስ ቀብር ምን አመጣው? ለቅሶ በተራ አይደለም እንዴ?» አለች።

በጣም ተናድጃለሁ። በእሷ ይሁን በማን አላውቅም።


ጥቅምት 18

የብርቱካንን ወረቀት እንደገና አወጣሁ። አምስት ቀን ስለ «እርስዎ» ስበሳጭ፣ ስለ «አይምጡ» ስበሳጭ ኖሬ አንዱን መስመር ዘልዬዋለሁ። አንድ ቃል ነው። «አልጠየቁኝም።»

ጥያቄ ሥራዬ ነው። ከየት መጣ፣ መቼ ተወቃ፣ ስንት ቀን አደረ። ሰላሳ ዓመት በዚህ ኖርኩ። እሷን አሥር ጥያቄ ጠየቅኳት፤ አሥሩም ስለ በሽታው። አንዱን ለምን ገና ነው ብል ኖሮ፣ እናቴ የምትጠይቀውን መጀመሪያ ላውቅ ስለፈለግኩ ነው ትለኝ ነበር። ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አልማዝ የሄደች ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ መካሪ ሆነብኝ። ሽማግሌ ላክ፣ ክሰስ፣ ሌላ አግባ። እትዬ ዘነቡ ብቻ ጠዋት መጥታ ምሳ የት ነህ ዛሬ አለችኝ። በማግስቱም። ከወር በኋላም። ስለ አልማዝ አንድ ቀን አልጠየቀችኝም፤ ስነግራት ግን ሰማችኝ። ያን ጊዜ ነገሬ ያልገባት ሴት ናት ብዬ ነበር።

ሰባቱን ነጥብ ቀደድኩ።


ጥቅምት 20፣ ከጠዋቱ 1፡15

ይቅርታ መጻፍ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። በየመስመሩ «ግን» ትገባለች። አራት ጊዜ ሰረዝኳት። «ለበጎ አስቤ» የሚለውንም ሰረዝኩ። «እባክሽ መልሽልኝ» የሚለውንም ሰረዝኩ፤ ይቅርታ ጠይቄ ወዲያው ሌላ ሥራ ማዘዝ ስለሆነብኝ።

የቀረው ይህ ነው፦

«ለእኔ ብቻ የነገርሽኝን ሳላስፈቅድሽ ለሰው ሰጠሁ። እናትሽን መቼና እንዴት እንደምትነግሪ መወሰን ያንቺ ነበር፤ ቀማሁሽ። ኒሙ ሥርም አልሰማሁሽም፤ መረመርኩሽ። በዚህ ጥፋተኛ ነኝ። አልመጣም። መልስ አልጠብቅም። ደምሴ።»

እትዬ ዘነቡ ታደርስልኛለች። አስነበብኳትና አጠፍኩት። «ይህስ የሰው ነው» አለች።


ጥቅምት 23

መልስ አልጠብቅም ብዬ እጠብቃለሁ። ዛሬ በትምህርት ቤቱ በኩል ሦስት ጊዜ አለፍኩ። ሦስተኛው ላይ አፈርኩና በመጋዘኖቹ ዞርኩ።


ጥቅምት 25፣ ከቀኑ 10፡00

ዛሬ እንደገና ልሳሳት ነበር። ጻፍልኝ።

አስማረ የሞተበት እርሻ ሰሊጥ በእኔ እጅ ያልፋል። ሥራ አስኪያጁን በስም አውቀዋለሁ፤ ስልኩ አለኝ። ከእኔ ጋር መጣላት አይፈልግም። አንድ ደወል፣ የት ቀበራችሁት፣ አለቀ። መልሱን ይዤ በሯ ላይ ብቆም? አሮጊቷ ያርፋሉ። እሷም ታየኛለች።

ቁጥሩን ደወልኩ። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ቆይቶ ጠራ። አንድ ጊዜ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ዘጋሁት።

ያው ነው። ለጋሽ ቢተው ሄጄ እንደነገርኩት ያው ነው። ሳልጠየቅ፣ ከእሷ በላይ አውቄ፣ በእሷ ሐዘን ላይ እኔ ትልቅ ሰው ልሆን። መልሱ ክፉ ቢሆንስ? እርሻ ዳር፣ ያለ ቄስ፣ ምልክት እንኳ የሌለው ቢሆን? እሱንም ከእሷ በፊት እኔ ልወቀው?

ሥራ አስኪያጁ መልሶ ደወለ። በስህተት ነው አልኩት።


ጥቅምት 28፣ ማታ 12፡30

እትዬ ዘነቡ የብርቱካንን መልእክት አመጣች። ከክፍል ስትወጣ፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ጋ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ።

ሄድኩ። ከስታለች። የሐዘን ልብሷ ላይ ጠመኔ። ሰላም አለችኝ፤ አሁንም በእርስዎ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

ያሰብኩትን ንግግር አልተናገርኩም። ስለ አስማረ መስማት እፈልጋለሁ፣ ማውራት ካልፈለግሽ ግን ዝም ብለን እንቀመጥ አልኳት። ሦስት ጊዜ አፌን ልከፍት ነበር፤ ጥርሴን ነከስኩ። አንድ ባጃጅ አቧራውን አልብሶን አለፈ።

ከዚያ ተናገረች። አጭር ነበር፣ አለች፤ ከእሷ ያጥራል። የሱሪውን ግራ እግር ሁልጊዜ ይጠቀልላል፣ ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ቡሬ አካባቢ ነው ያደጉት፤ እሷን ለማስተማር እሱ ከስምንተኛ ክፍል ወጣ። በየዓመቱ ሰሊጥ ሲያልቅ እናቱን ሊያይ እዚህ ያድራል፤ ሲመጣ ከበር ሳይገባ በፉጨት ነው የሚጠራቸው። አሮጊቷ ፉጨት ነውር ነው እያሉ ይሳደባሉ፤ ግን ኅዳር ሲገባ ጆሯቸው ከበር አይጠፋም።

«ኅዳር ሊገባ ነው» አለች።

አይዞሽ ልል ነበር። እግዜር ያውቃል ልል ነበር። አዎ፣ ሊገባ ነው፣ አልኩ ብቻ። አለቀሰች። እጇን አልያዝኩም፤ መሀረቤን ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት። ቆይታ ወሰደችው።

ሲረጋላት ጠየቅኳት። እኔ የማደርገው ነገር አለ? ምንም አታድርግ ካልሽም ምንም አላደርግም። የሥራ አስኪያጁ ስልክ እንዳለኝ ነገርኳት፤ በ25 ደውዬ እንደዘጋሁም አልደበቅኩም። ፊቷ ጠቆረ። አሁንም ተነስታ ልትሄድ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ዘጉት?»

ዘጋሁት።

እሷ ሦስት ጊዜ ደውላለታለች። ሁለቴ ዘጋባት፤ ሦስተኛው ላይ የቀን ሠራተኛ መዝገብ የለንም አላት። በስልክ የሚነገር ነገር አስጠልቶኛል፣ ወሬ ነው፣ ነገ ይለወጣል፣ አለች። ወረቀት ነው የምፈልገው፣ እናቴ በእጇ የምትይዘው። የመሥሪያ ቤት አጻጻፍ እርስዎ ያውቁበታል። በእኔ ስም። የእርስዎ ስም አይግባ፤ ሥልጣንዎም አይግባ። ሳላነበው አይሂድ።

እሺ አልኩ። አንድም አልጨመርኩም።


ኅዳር 2፣ ከቀኑ 8፡00

ረቂቁን ይዤ ቤቷ ሄድኩ። እሷ ናት የጠራችኝ። እናቷ በር ላይ፣ አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢው ጉልበታቸው ላይ፤ ከካርታ ሣጥን ወጥቷል። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

«መርዶውን የላክኸው አንተ ነህ?»

አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ አልኩ።

«ሞቱን አመጣህልኝ። ሬሳውንስ የት አደረግኸው?»

አላውቅም እማማ አልኩ። ለበጎ አስቤ አላልኩም። ስለ መብትም አላነሳሁም። እዚያው ቆምኩ። ፀሐዩ አናቴ ላይ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። ብርቱካን ቆይታ በርጩማ አወጣችልኝ።

ረቂቄ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። «በቸልተኝነት ሕይወቱ ያለፈ» ብዬ ነበር፤ ሰረዘችው። የካላዛሩን አንቀጽ በሙሉ ሰረዘችው። «እርሻዎ በሕግ ተጠያቂ» የሚለውን ሰረዘችው።

ይህ እውነት ነው እኮ አልኳት።

«ነው። ግን ያንን ካዩ ጠበቃ ይፈልጋሉ እንጂ መቃብር አይፈልጉም።»

ልክ ናት። ለእኔ ንዴት የጻፍኩትን ሁሉ አውጥታ ጣለችው። የቀረው ሲታይ የእሷ ነው። እንደገና ገለበጥኩት፣ ፈረመች። ነገ ንጋት ገለጉ የሚሄድ የጭነት መኪና አለ፤ ሾፌሩ ቅጂው ላይ አስፈርሞ ይመልስልናል። መንገዱ ክፍት ከሆነ። በዚህ ሰሞን ማን ያውቃል።

ስወጣ ከእናቷ ፊት ቆሜ እጅ ነሳሁ። ጆሯቸው መንገዱ ላይ ነው።


ኅዳር 3፣ ከጠዋቱ 12፡20

መኪናው ሄደ። ደብዳቤው እንዳይጠፋ አንተ ዘንድ ይኑር። ይኸው፦

«ለእርሻው ሥራ አስኪያጅ
ጉዳዩ፦ የወንድሜ የአስማረ መቃብር ቦታ እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ

ወንድሜ አስማረ በእርሻችሁ ካምፕ ሰሊጥ ሲያጭድ ታሞ በመስከረም ወር ማረፉን ከሰው ሰማሁ። ሦስት ጊዜ ደውዬ መልስ አላገኘሁም። አጭር ነው፤ የሱሪውን ግራ እግር ይጠቀልል ነበር። መዝገብ ባይኖራችሁ በዚህ ታስታውሱታላችሁ።

የት ነው የተቀበረው? ቄስ ፈትቶታል ወይ? ከቀበሩት ሰዎች የአንዱ ስም ማን ነው?

ካሣ አልጠየቅኩም፤ ክስም የለኝም። እናቴ ቦታውን ማወቅ ትፈልጋለች። ያለ ቄስ ከሆነም፣ እርሻ ዳር ከሆነም፣ እንዳለ ይጻፍልኝ። በስልክ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም። እስከ ኅዳር 15 ድረስ በጽሑፍ፣ በፊርማ ይመለስልኝ።

ብርቱካን፣ እህቱ»